ዋሌታችሁ ዜሮ ካሳያችሁ አሥራ ሁለቱን ቃላት ይዛችሁ «ሪከቨሪ» ቤት እንዳትሄዱ

ትናንት ከሰዓት ነው የሆነው። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል፤ ጽሑፌ ቢዘበራረቅባችሁ ታገሡኝ።

ቤቱ ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ «የጠፋ ጂሜይል እናስመልሳለን፣ አይክላውድ እንከፍታለን፣ ክሪፕቶ ሪከቨሪ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ገና ከበሩ ሳታልፉ «ቀላል ነው እህቴ፣ ቁጭ በይ» ትባላላችሁ። ስማቸውን አልጽፍም። እንደነሱ ያለ ቤት ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ሞልቷል፤ አንዱን ብጠራ ሌላው ደህና ነው ብላችሁ ትገባላችሁ።

የተወሰደብኝ 486 ዩኤስዲቲ ነው፤ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ። የሰባት ወር የትርጉም ሥራ ነው፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ እየቆነጠርኩ ለቤት ኪራይ ቅድሚያ ያስቀመጥኩት ነበር። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ሌላ ስልክ ገዛሁ፣ ክሪፕቶውን የማስቀምጥበትን ያንኑ ዋሌት ጫንኩ፣ ዋሌቱን መጀመሪያ ስከፍት ተሰጥተውኝ በደብተር የጻፍኳቸውን አሥራ ሁለት ቃላት አስገባሁ። ተቀበለኝ። ከዚያ «አካውንት 1» የሚል መጣ፤ ከሥሩ ዜሮ።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ቃላቱን ሦስት ጊዜ ደግሜ አስገባሁ፤ ሦስቴም ዜሮ። ጠዋት ሥራ ቦታ ያሳየሁት ልጅ «ሜክሲኮ የሚያወጡ አሉ» አለኝ፤ ሄድኩ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ ስልኬን ተቀብሎ አንድ ደቂቃ እንኳ አላየውም። «ኔትወርክ በልቶታል፤ ሪከቨሪ ያስፈልገዋል። ስድስት ሺ ብር ነው፣ ግማሹን አሁን» አለ። ሦስት ሺውን በቴሌብር ላክሁ። ቀጥሎ «ሶፍትዌሩ ያለው በእኔ ስልክ ላይ ነው፤ ቃላቱን ንገሪኝ» አለኝ። ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና አንድ በአንድ አነበብኩለት። እሱ በሁለት አውራ ጣቱ ይጽፋል። «ሰባተኛው?» ሲለኝ እነግረዋለሁ፤ «ፊደሉን ቁጠሪልኝ» ሲለኝ እቆጥርለታለሁ። ማንም ቀምቶኝ አይደለም። ቃላቱን ለማንም አትስጡ የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ! ግን ገንዘቡ ጠፍቷል ብዬ አምኜ ስለነበር የሚሰረቅ ነገር የቀረኝ አልመሰለኝም። የሞኝነቴ ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ዜሮ ሲል አመንኩት።

«ጊዜ ይወስዳል፣ ቡና ጠጥተሽ ነይ» አለኝ። ወርጄ ምድር ቤት ከምትሸጠው ልጅ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሁለት ስኒ ጠጣሁ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቼ ስመለስ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ያዘው፤ ጣቱን ዜሮዋ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ታች ሳበው። «አየሽ እህቴ? ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፤ ባዶ ነው።» ፊቱ ላይ የሚያሳዝን ነገር ነበር። እሱም የእኔ ነገር ያሳዘነው መሰለኝ። «ላደከምኩህ ይቅርታ» አልኩት። አዎ፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ሦስት ሺውን የምርመራ ነው ብሎ አስቀረ። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ለደህንነትሽ ፓስወርድሽን ቀይሪው» ብሎ መከረኝ።

ማታ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ እሱ በዚህ ነገር ለዓመታት የቆየ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው «የድሮ አድራሻሽ የታል?» የሚል ነበር። ቃላቱን አልጠየቀኝም፤ እንዲያውም ልነግረው ስል ጮኸብኝ። አድራሻው ከአሠሪዬ ጋር በቴሌግራም በምንጻጻፍበት ላይ ነበር፤ ክፍያ የሚልክበትን በ0x የሚጀምረውን ረጅም ቁጥር ሰጥቼው ነበርና። «ቅጂውና bscscan.com ላይ ፈልጊው» አለኝ። ይህ ማንም ሰው የማንንም አድራሻ የሚያይበት የሕዝብ መዝገብ ነው፤ ፓስወርድ የለው፣ ቃላት አይጠይቅ።

ገጹ ተከፈተ። ክፍያዎቼ በሙሉ ተራ በተራ ተደርድረዋል። ከላይ ሁለት አዲስ መስመሮች ነበሩ። በ11:41 ከማላውቀው አድራሻ 0.0005 ቢኤንቢ ገብቷል። በ11:42 ደግሞ 486 ዩኤስዲቲ ወጥቷል። ሰዓቱ የዓለም አቀፍ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ41 እና ከ42 ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ እኔ ሁለተኛዋን ስኒ ይዤ ነበር።

ያቺ ጥቂት ቢኤንቢ ለምን ገባች? ገንዘቤ ባለበት በBNB Smart Chain ኔትወርክ ላይ ዩኤስዲቲ ለመላክ የማስተላለፊያ ክፍያው በቢኤንቢ ነው የሚከፈለው፤ በእኔ አካውንት ደግሞ አንድም ቢኤንቢ አልነበረም፤ መቀበል ብቻ ነበር ሥራዬ። ስለዚህ የመንገዱን ከራሱ ከፍሎ ገንዘቤን አሳፈረው። ይህ በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም።

ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ? የአጎቴ ልጅ አስረድቶኝ ሲጨርስ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

አሥራ ሁለቱ ቃላት የአንድ አካውንት ቁልፍ አይደሉም። ከነሱ ብዙ አድራሻዎች ይወጣሉ፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ዋሌቱ የሚከተለው መንገድ ነው። መንገዱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
m/44'/60'/0'/0/0
m/44'/60'/0'/0/1
```

የላይኛው አካውንት 1 ነው፣ የታችኛው አካውንት 2። ልዩነታቸው መጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት፤ የሚወጡት አድራሻዎች ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። እኔ ለቁጠባ ብዬ ከወራት በፊት አካውንት 2 ከፍቼ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ዋሌቱ ከቃላቱ ሲመለስ ያወጣልኝ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ድሮም ባዶ ነበር። ዜሮው እውነት ነው፤ ግን የሌላ አካውንት ዜሮ ነው።

«አካውንት ጨምር የሚለውን ንኪ» አለኝ። ነካሁ። ቃላቱና መንገዱ አንድ ከሆኑ የሚወጣውም አድራሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለአሠሪዬ የሰጠሁት አድራሻ ፊደል ሳይዛነፍ ተመልሶ መጣ። አንድ ጊዜ መንካት ነበር፤ ነጻ ነው። ኔትወርኩን ወደ BNB Smart Chain ስቀይረው ከሥሩ የ0.0004 ቢኤንቢ ፍርፋሪ ታየ። ልጁ ለመንገድ ካስገባው የተረፈው መልስ ነው።

ሁለተኛ መጋረጃም አለ። ጠዋት አካውንት 2ን ባገኘው ኖሮ እንኳ 486ቱ ወዲያው ላይታየኝ ይችል ነበር። ዩኤስዲቲ የኔትወርኩ የራሱ ገንዘብ ሳይሆን ቶክን ነው፤ ማን ስንት እንዳለው የሚመዘገበው ኮንትራት በሚባል፣ ኔትወርኩ ላይ በተቀመጠ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ዋሌቱ የሚጠይቀው ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ቶክኖች ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ አይጠይቅም፣ ካልጠየቀ አያሳይም። በብዙ ዋሌት ላይ ከቶክኖቹ ዝርዝር ፈልጎ ማብራት ነው፤ እዚያ ካጣችሁት በኮንትራቱ አድራሻ ትጨምሩታላችሁ። በቢኤንቢ ኔትወርክ የዩኤስዲቲው ይህ ነው፦

```
0x55d398326f99059fF775485246999027B3197955
```

በስም ብቻ አትጨምሩ፤ ዩኤስዲቲ የሚል ስም የተለጠፈበት የውሸት ቶክን ብዙ አለ። በሌላ ኔትወርክ ከሆነ ገንዘባችሁ ኮንትራቱም ሌላ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አውቆ ነው አካውንት 2ን ከፍቶ የወሰደው፤ አውቆ ነው ተመልሶ አካውንት 1 ላይ ጣቱን ያስቀመጠልኝ።

ዛሬ ጠዋት የመዝገቡን ገጽ አሳትሜ ሄድኩ። ወረቀቱን እንኳ አልነካውም። «ማን ሰጠኝ ቃላቱን? ራስሽ አይደለሽ?» አለኝ። ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ ስለው አጠገቡ ያለው ሳቀ፤ «ሂጂና ክሪፕቶ ነበረኝ በያቸው» አለኝ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ አይደለም ብሎ ማሳወቁን ያውቃሉ፤ እኛም እንደምንፈራ ያውቃሉ፤ የሚሠሩት በዚህ ፍርሃት ላይ ነው። እኔ ግን እሄዳለሁ፤ ቢያንስ የሦስት ሺው ብር የቴሌብር ደረሰኝ አለኝ።

ዜሮ ካያችሁ መጀመሪያ የድሮ አድራሻችሁን ከመልእክቶቻችሁ ፈልጉና መዝገቡ ላይ እዩት። ገንዘቡ እዚያ ካለ የጠፋ ነገር የለም። ያው የድሮው ዋሌት ላይ ቃላቱን መልሱ፣ አድራሻው እስኪመጣ አካውንት ጨምሩ፣ ከዚያ ቶክኑን አብሩ። ሌላ ዋሌት ከተጠቀማችሁ መንገዱን በሌላ ቦታ ሊቆጥር ይችላል፤ ሁለተኛው አካውንት በአንዳንዶቹ m/44'/60'/1'/0/0 ላይ ነው፤ ያኔ ስንት ብትጨምሩ አይመጣም። ቃላቱን ለሰው ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ፓስወርድ መቀየር ምንም አያደርግም፤ ፓስወርዱ የሚቆልፈው እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ብቻ ነው። በአዲስ ቃላት አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ የቀረውን ዛሬውኑ አሻግሩ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት ቆሞ ነበር፤ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው አራት የታጠፈ ወረቀት። «ዜሮ ነው የሚልህ?» አልኩት። ደንግጦ አየኝ። «ወረቀቱን ኪስህ ክተተውና ና ከእኔ ጋር ውረድ» አልኩት። ወረደ። ቡና ከምትሸጠው ልጅ ዘንድ ተቀመጥንና የድሮ አድራሻውን ከቴሌግራሙ ፈለግን። 212 ዩኤስዲቲ፣ ሁሉም እዚያው አለ። አካውንቱ ልክ ነበር፤ ቶክኑ ብቻ ነበር ያልበራው።