ሀዋሳ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ፦ ባዮሱ ሳይከፈት ገንዘብ አትክፈሉ

ባለፈው ወር ለእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ልገዛ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገባሁ። ልጁ ፕሮግራሚንግ መማር ጀምሯል። መምህሩ ዊንዶውሱን ሳይነኩ ሊኑክስን በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራ ፕሮግራም እንዲጭኑ፣ ኋላም አንድን ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ነገር ለብቻው በሚያሠራው በኮንቴይነር እንዲሠሩ አዟቸዋል። ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ጠንካራ ባትሪም ያስፈልገዋል። ሻጩ ጥያቄያችንን ሰምቶ ሳይጨርስ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ ከመደርደሪያው አወረደ። ውጭ አገር ድርጅት ውስጥ ያገለገለ፣ ጭረት የሌለበት፣ ኮር አይ ሰባት፣ ባትሪው ስድስት ሰዓት የሚቆይ ነው አለን። 38 ሺህ ብር በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት የቆጠርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

ማታ ልጁ ቨርቹዋል ማሽን የሚያሠራውን ቨርቹዋልቦክስን ጭኖ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ሊያስነሳ ሲል ይህ መልእክት መጣ፦

```
VT-x is disabled in the BIOS for all CPU modes (VERR_VMX_MSR_ALL_VMX_DISABLED)
```

«ይህማ ቀላል ነው» አልኩት። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ቀላል ነው። ፕሮሰሰሩ VT-x የሚባል፣ በውስጡ ሌላ ኮምፒውተር የማስተናገድ ችሎታ አለው፤ ችሎታው ግን በባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚሠራው የላፕቶፑ መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ ተዘግቶ ሊመጣ ይችላል። ላፕቶፑን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ባዮስ መግባት፣ Intel Virtualization Technology የሚለውን መክፈት፣ ከዚያ ማስቀመጥ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ከሆነ ስሙ ብዙ ጊዜ SVM Mode ነው። እኔም አጥፍቼ አስነሳሁት። ባዮሱ ግን ገና ሳይከፈት የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው ቅንብሩን እንዳይነካኩ ባዮሱን በይለፍ ቃል ይቆልፋሉ። ላፕቶፑ አርጅቶ ሲሸጥ ቁልፉን ማንሳት ይረሳል። ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ይነሳል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ፊልም ይታያል፤ ስለዚህ መቆለፉን ሻጩም ገዢውም ላያውቁ ይችላሉ። የይለፍ ቃሉ የተቀመጠው በሃርድ ዲስኩ ላይ ስላልሆነ ፎርማት ማድረግ አያነሳውም። በድሮ ዴስክቶፖች ላይ ክቧን ትንሽ ባትሪ ነቅሎ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር። ለመሥሪያ ቤት በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ግን የይለፍ ቃሉ ያለ ኤሌክትሪክም በማይጠፋ ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ ይህ ዘዴ ዋጋ የለውም። ይህን እያወቅሁም ብሎኖቹን ሁሉ ፈትቼ ባትሪዋን ነቀልኩ፤ ተስፋ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ቺፑን በመሣሪያ የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉ፤ እጃቸው ከሳተ ግን ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል አልደፈርኩም።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚያምታታው ነገር አለ። «ቨርቹዋል ማሽኑ ቢቀር ኮንቴይነር አለኝ» ይላል። ኮንቴይነር በራሱ ይህን የፕሮሰሰር ችሎታ አይፈልግም፤ የሚጠቀመው የሊኑክሱን እምብርት፣ ከርነሉን ራሱን ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን የሊኑክስ ከርነል የለም። ስለዚህ ኮንቴይነር የሚያሠራው ዶከር ዴስክቶፕ በስውር አንድ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን አስነስቶ ኮንቴይነሮቹን እዚያ ውስጥ ያሠራቸዋል። ችሎታው እንደተዘጋ ባዮሱ ከተቆለፈ እርሱም አይነሳም። ዊንዶውስ ላይ ለሚማር ሰው አንዱ ቁልፍ ሁለቱንም ይዘጋበታል ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ዊንዶውሱ እየሠራ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለው?» አለኝ ሻጩ። የይለፍ ቃሉን እርሱም እንደማያውቀው ነገረኝ፤ አመንኩት። ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ፣ አይ ሰባት» ከሚል በስተቀር ምንም ስላልተጻፈ የምከራከርበት አልነበረኝም። ዘጠኝ ሺህ ብር ጨምሬ ሌላ እንድወስድ ጋበዘኝ፤ ላፕቶፔን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ስለ ስድስት ሰዓቱ ባትሪም ልንገራችሁ፤ እርሱ እንኳ ከውሸት አይቆጠርም። ሻጩ ያሳየኝ የባትሪውን ምልክት ሲነኩት ዊንዶውስ 10 የሚጽፈውን ግምት ነበር። ያ ግምት የሚሰላው ላፕቶፑ በዚያች ቅጽበት በሚበላው ኃይል ነው። ቤት ገብቼ Command Prompt ከፍቼ ይህን ትእዛዝ ጻፍኩ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ትእዛዙ አንድ ፋይል ያወጣል፤ በብራውዘር ይከፈታል። DESIGN CAPACITY ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፤ የእኛ 57 ዋት ሰዓት ይላል። FULL CHARGE CAPACITY ዛሬ የሚይዘው ነው፤ 24 ቀርቶታል። ሱቁ ውስጥ ብርሃኑ ደብዝዞ ያለ ሥራ ተቀምጦ ስለነበር የሚበላው 4 ዋት ገደማ ነበር፤ 24 ለ 4 ሲካፈል ስድስት ሰዓት። ኮድ ሲጻፍ፣ ብራውዘር ሲከፈትና ብርሃኑ ከፍ ሲል ፍጆታው ወደ 8 ዋት ይወጣል፤ ሦስት ሰዓት። ኮድ ሲገነባና ፕሮሰሰሩ ሲጨነቅ 20 ዋትና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ቁጥሮቹ በጣም ሲያምሩም ጠርጥሩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ ልክ እኩል ከሆኑና ስንት ጊዜ እንደተሞላ የሚቆጥረው CYCLE COUNT ዜሮ ከሆነ፣ ባትሪው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪው ታድሶም ሊሆን ይችላል። ብርሃኑን ከፍ አድርጋችሁ ያለ ቻርጀር ለሠላሳ ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱና ስንት ፐርሰንት እንደወረደ እዩ።

«አይ ሰባት» የሚለው ተለጣፊም አታሎኛል። የእኛው i7-7600U ሆኖ ተገኘ፤ ኮሩ ሁለት ብቻ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ i5-8250U በስም ዝቅ ብሎ አራት ኮር አለው። ለቨርቹዋል ማሽን ሁለት ኮር ብትሰጡ ለዊንዶውሱ ምን ይቀራል? ሜሞሪው ደግሞ 8 ጊጋባይት ሲሆን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አይጨመርም።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቴ ልጅ ስትገዛ አብሬያት ሄጄ ነበር። Ctrl፣ Shift እና Esc አንድ ላይ ተጭነን Performance ውስጥ CPU የሚለውን ከፈትን። ስንት ኮር እንዳለው እዚያው Cores ፊት ለፊት ተጽፏል፤ ከሥሩ Virtualization ይላል። የመጀመሪያው ላፕቶፕ Disabled አለ። ይህ ብቻውን ለመመለስ ምክንያት አይሆንም፤ ስለዚህ አጥፍተን ባዮሱን ልንከፍት ሞከርን፣ ተከፈተ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑን አብርተን ወጣን። ኮሩ አራት ነበር፤ ባትሪው ግን ከአዲሱ ግማሹን እንኳ አይዝም። ሁለተኛው ባዮሱ የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ሻጩ ሦስት ግምት ሞክሮ አልሆነለትም፣ ወደ መደርደሪያው መለሰው። ሦስተኛውን ወሰድን፤ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ አራት ኮር፣ ባትሪው ከአዲሱ 81 ፐርሰንት የሚይዝ። ደረሰኙ ላይ የሲሪያል ቁጥሩንና «ባዮሱ አልተቆለፈም፤ ተቆልፎ ከተገኘ ተመላሽ» የሚል ቃል አስጻፍን። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ባዮስ የሚያስገባው ቁልፍ እንደ ሥሪቱ F1፣ F2፣ F10 ወይም Delete መሆኑን ካወቃችሁ ያንሳል።

የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ግን ዊንዶውሱን አንስቼ ኡቡንቱን በቀጥታ ጫንኩበት። ከፍላሽ መነሳቱን ባዮሱ ስላልከለከለኝ ብቻ ነው የተቻለው። ዶከር ያለ ችግር ይሠራል። የቨርቹዋል ማሽን ልምምዱን የሚሠራው ግን ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ተራ ይዞ ነው።