የአባዬን የጣልያንኛ ንግግር ላረመችልን መምህርት፦ ምስጋናም ጥቆማም

ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ እህታችሁን ወይ ልጃችሁን ለጣልያን ሰው ልትድሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፣ ግን ሰው ልጠቁማችሁ ነው።

የእህቴ ሠርግ በጥር ነበር። ሙሽራው ጣልያናዊ ነው። እናትና አባቱ፣ አያቱም ሳይቀሩ እዚሁ ማርቆስ ድረስ መጡልን። አባዬ ደግሞ ገና ሳይመጡ "አስተርጓሚ የሚባል እንዳታመጡብኝ፣ በራሳቸው ቋንቋ ነው የምመርቃቸው" ብሎ ቁርጡን ነገረን። ጣልያንኛ ይችላላ! በ1970ዎቹ መጨረሻ ፓዌ፣ ጣና በለስ ፕሮጀክት ላይ ረዳት መካኒክ ነበር፣ መተከል ያኔ ጎጃም ነው። መኪና ሥር ተኝቶ ከጣልያኖቹ ጋር ሲሠራ በጆሮው የለቀመው ቋንቋ ነው። ይቀልድበታል፣ ይሳደብበታል። መጻፉን ግን ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ንግግሩን በእኛው ፊደል ጻፈው፣ እኔ ደግሞ በስልክ ወደ ላቲን ፊደል ገለበጥኩት። ጽሑፉን በፍሬም አድርገን ለአማቾቻችን ልንሰጥም አስበናል።

መጀመሪያ የሰጠነው ለአንድ የትርጉም ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ስህተቱን በሙሉ አጸዱት፣ እውነት ነው። ግን መክፈቻው "ኤግሬጂ ሲኞሪ" ሆኖ መጣ፣ ይሄ ጣልያኖች ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ የሚጀምሩበት ነው። ቀጥሎ "ኮን ላ ፕሬዜንቴ"፣ ማለትም "በዚህ ደብዳቤ"። አባዬ ሁለት መስመር አንብቦ መነጽሩን አወለቀና "ይሄ ሥራ ልቀጠር ነው እንዴ የሚለው?" አለ። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ዘመዳችን ባሕር ዳር ያለችውን መምህርት የጠቆመን።

እሷ ወረቀቱን ከማየቷ በፊት የጠየቀችው "ማን ነው የሚያነበው? ማን ፊት?" ብላ ነው። ቀጥላም "ጋሼ ራሳቸው ሲያነቡት ድምፃቸውን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ" አለች። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ስህተቱን ለሁለት ትከፍለዋለች። ሰሚውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ስህተት አለ፣ እሱ ይታረማል። ሰሚው ፈገግ ብሎ የሚያልፈው፣ የተናጋሪው መልክ የሆነ ስህተት ደግሞ አለ፣ እሱን ትነግራችኋለች እንጂ ዝም ብላ አትነካውም።

የመጀመሪያው ዓይነት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አባዬ ከእማዬ ጋር በትዳር ስለቆየው 35 ዓመት ይናገራል። ዓመታት በጣልያንኛ "አኒ" ነው፣ "ኒ" ጠብቃ። በላቲን ሲጻፍ ኤን ሁለቴ መደገም አለበት። አንዱ ከጎደለና "ኒ" ከላላች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ "35 ፊንጢጣ በትዳር" ይሆናል። አባዬ ሲያወራ በትክክል ያጠብቀዋል፣ በጆሮው ነዋ የተማረው። የእኛ ፊደል ግን የጠበቀና የላላ አይለይም፣ "አለ" ብለን ጽፈን ተናገረ ይሁን ኖረ አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ወደ ላቲን ሲገለበጥ ድርቡ ኤን የሚመጣበት መንገድ የለም። ድምፁን የጠየቀችው ለዚህ ነበር፣ የአፍ ስህተት ይሁን የወረቀት ስህተት ለመለየት። የላቲኑን አስተካከለች፣ የአባዬን የአማርኛ ፊደል ቅጂ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጠብቃ በምትነበበው ፊደል ሁሉ አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደረገችበት። አንባቢ ሲደነግጥ ያየውን ነው የሚያነበው፣ አለችን።

ሌላው ለሙሽራው የተጻፈችው ናት። "እንደ ልጄ እወድሃለሁ" ለማለት አባዬ "ቲ አሞ" ብሎ ነበር። እኛ ለሚስትም ለልጅም ለጓደኛም "እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ" ነው የምንለው። ጣልያኖች ግን "ቲ አሞ"ን ባብዛኛው ለፍቅረኛና ለትዳር ጓደኛ አስቀምጠውታል። አማች ለአማቹ፣ ያውም በሠርጉ ቀን፣ ቢለው ዳሱ በሳቅ ነው የሚፈርሰው። "ቲ ቮልዮ ቤኔ" አደረገችው። ቤተሰብም ጓደኛም የሚባባለው እሱ ነው፣ ቃል በቃል መልካሙን እመኝልሃለሁ እንደ ማለት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። አባዬ ስለ እህቴ "ቀኝ እጄ ነበረች፣ አሁን እጄ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው" ብሎ ጽፏል። የትርጉም ቤቱ ይቺን "ውድ ረዳቴ ነበረች" ወደምትል ነገር ቀይሯት ነበር። መምህርቷ ሐሳቡን አልነካችም። ያረመችው ጾታውን ብቻ ነው። በጣልያንኛ በ"ኦ" የሚያልቅ ስም አብዛኛው ወንድ ነው፣ "ማኖ"፣ እጅ፣ ግን በ"ኦ" እያለቀች ሴት ናት። አባዬ "ኢል ሚዮ ማኖ ዴስትሮ" ያለው "ላ ሚያ ማኖ ዴስትራ" ሆነ። ከአራት ቃል ሦስቱ ተቀየሩ፣ አባዬ ግን እዚያው እንዳለ ነው። "ይቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፋት አታምርም" ብላ ጎኗ ላይ ማስታወሻ ጽፋለች።

"ደስተኞች እንደምትሆኑ ተስፋ አለኝ" የምትለዋ ጋ ደግሞ ሰዋስዉ "ሲያቴ ፌሊቺ" ይላል፣ አባዬ "ሲዬቴ ፌሊቺ" ብሏል። ስህተት ነው ብላ ነገረችን። ግን ጣልያኖች ራሳቸው በወሬ ላይ እንዲህ ሲሉ ይሰማሉ፣ ማንም አይደነግጥም፣ ምርጫው የጋሼ ነው አለች። አባዬ ሁለቱንም ሞክሮ የራሱን መረጠ፣ አዲሷ ምላሱን ታደናቅፈው ነበር። በፍሬሙ ላይ ግን ትክክለኛዋ ተጻፈች። ሰው ሲናገር ይቅር የሚባለው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይቅር አይባልም፣ ተስማማን።

ምርቃቱ ነበር የከበደው። "ውለዱ ክበዱ"ን አባዬ ቀጥታ ሲገለብጠው ሁለተኛዋ "ፔዛንቲ ሁኑ" ሆነች። ይሄ ክብደት ጨምሩ ማለት ነው፣ ለሰው ባሕርይ ሲሆን ደግሞ አሰልቺ ማለት ነው። እሷም "ምርቃቱን በአማርኛ ይበሉት፣ የእኛ ሰው አሜን ይበል፣ ከዚያ ትርጉሙን በጣልያንኛ ይንገሯቸው፣ ልጆች ውለዱ፣ ሰው ሁሉ ያክብራችሁ ብለው" አለች። "የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ"ን ግን እንዳለ ተወችው፣ አብርሃምና ሣራን እነሱም ያውቋቸዋል። እንዳለችው ሆነ። ዳሱ አሜን ሲል የሙሽራው አያት ትርጉሙን ሳትጠብቅ እሷም አሜን አለች።

ዋጋዋ በገጽ ነው፣ የትርጉም ቤቱ ከጠየቀን ያንሳል። ደግሞ ከጨረሰች በኋላ አባዬን ስልክ ደውላ ከላይ እስከ ታች አስነብባዋለች፣ ለዚያ አላስከፈለችም። አንድ ችግር ብቻ፣ አትቸኩልም። ሠርጉ ነገ ነው ብላችሁ ብትሄዱ አትቀበልም፣ ቢያንስ ሳምንት ስጧት። ከባዶም አትጽፍላችሁም፣ መጀመሪያ በተሰባበረውም ቢሆን ራሳችሁ ጽፋችሁ ነው የምትሄዱት። ለቪዛና ለጋብቻ ምዝገባ የሚሆን ማኅተም ያለው ትርጉም ከፈለጋችሁ ደግሞ እሷ ጋ የለም፣ ለሱ የትርጉም ቤት ሂዱ።

ስልኳን እዚህ ላወጣው አልፈልግም፣ ፈቃዷን ጠይቄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። መምህርት፣ ይሄን ካየሽው አባዬ "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" ብሎሻል።