ፎርሙላው ወይስ ሥዕሉ?

ደብረ ማርቆስ ላይ የባጃጅ ስፖኪዮ አይታችኋል? ኮንቬክስ መስታወት ነው። የትኩረት ርቀቱ 15 ሴ.ሜ ቢሆንና ዕቃው 30 ሴ.ሜ ርቆ ቢቆም፣ ምስሉ የት ይታያል?

ፎርሙላው ፈጣን ነው፦ 1/f = 1/u + 1/v። f የትኩረት ርቀቱ፣ u የዕቃው ርቀት፣ v የምስሉ ርቀት ነው። ግን የኮንቬክስ f ኔጌቲቭ ነው። ይህን የረሳ ተማሪ v = 30 ያገኛል። ቁጥሩ ሙሉ ስለሆነ ጥርጣሬ እንኳ አይገባውም፤ ክፋቱ እሱ ነው። f = −15 ብሎ ያስገባ ግን v = −10 ያገኛል፤ ኔጌቲቩ ምስሉ ከመስታወቱ ጀርባ ነው ማለት ነው።

የጨረር ሥዕሉ ጊዜ ይበላል፣ ካልተመጠነም ቁጥር አይሰጥም። ሆኖም ሁለት ጨረር ስትስሉ ተንጸባርቀው ሲበታተኑ ታያላችሁ። የሚገናኙት ወደ ኋላ ሲቀጠሉ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ያኔ +30 ውድቅ ሆነ። እኔ በፎርሙላ አሰላለሁ፣ በረቂቅ ሥዕል አጣራለሁ።