እንቅልፍ ላጣ አእምሮ የቱ ክሬቲን ይገዛ? ዱቄት፣ ጋሚ ወይስ ሃይድሮክሎራይድ

ክሬቲን ጡንቻና አንጎል ኃይል ለማግኘት የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው፤ በሌሊት ተረኛነት የሚሠሩና ለፈተና የሚያድሩ ሰዎች የቱን ዓይነት እንግዛ እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ። መልሱ ተራው የክሬቲን ሞኖሃይድሬት ዱቄት ነው። ጣዕምም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ ከሁሉም ርካሹ። በእንቅልፍ እጦት ላይ የተደረጉት ዋና ዋና ጥናቶች የሚጠቅሷቸው መጠኖች ትልልቅ ስለሆኑ፣ ሌሎቹን ዓይነቶች በዚያ መጠን መግዛት ኪስ ያራቁታል።

መጠኑን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን ዩሊክ የምርምር ማዕከል የተሠራው ጥናት 15 ሰዎችን ሌሊቱን ሙሉ አንቅቶ አቆይቷል። ክሬቲን የተሰጣቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.35 ግራም ነበር። አእምሯቸው መረጃ የሚያስተናግድበት ፍጥነትና የአጭር ጊዜ ትውስታቸው ባዶ መድኃኒት ከወሰዱበት ሌሊት የተሻለ ሆነ። ለውጡ ከተወሰደ ከ3 ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ በ4ኛው ሰዓት አካባቢ ከፍ አለ፤ ከተወሰደ በኋላም እስከ 9 ሰዓት ያህል ቆየ። ክሬቲን ወደ አንጎል የሚገባው በጭንቅ ነው፤ ያ ሁሉ መጠን ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ማክሞሪስ የተባለ አጥኚና ባልደረቦቹ ለ7 ቀን በቀን 20 ግራም በአራት ከፍለው ሰጥተው ነበር። ከ24 ሰዓት ንቃት በኋላ የምላሽ ፍጥነትና ስሜት በክሬቲን ወሳጆቹ ላይ ብዙም አልወረደም።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የዩሊክን መጠን ይውሰድ ቢባል 24.5 ግራም ይሆናል። በዱቄት ይህ አምስት ማንኪያ ገደማ ነው፤ ማንኪያ ስል ባለ 5 ግራሙን ነው። አንድ ግራም በሚይዝ ጋሚ ደግሞ 24 ወይም 25 ከረሜላ ከነስኳሩ መብላት ይጠበቅበታል። 750 ሚሊግራም በሚይዝ ካፕሱል ቢሆን 33 ፍሬ ነው።

ዋጋውን በዕቃ አትለኩ፤ በንጹሕ ክሬቲን ግራም አካፍሉት። ሞኖሃይድሬት 88 በመቶው፣ ሃይድሮክሎራይድ 78 በመቶው ገደማ ክሬቲን ነው። 300 ግራም የሞኖሃይድሬት ዱቄት 264 ግራም ንጹሕ ክሬቲን ይሰጣል። ባለ 750 ሚሊግራም 120 የሃይድሮክሎራይድ ካፕሱል 70 ግራም ብቻ፣ ባለ አንድ ግራም 60 ጋሚ ደግሞ ከ53 ግራም አያልፍም። ሦስቱ በእኩል ዋጋ ቢሸጡ እንኳ ካፕሱሉ ወደ አራት እጥፍ፣ ጋሚው አምስት እጥፍ ተወደደ ማለት ነው። ሃይድሮክሎራይድ በውኃ ቶሎ መሟሟቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን ለአንጎል የተሻለ መሆኑን አያሳይም።

ጋሚን የምቃወመው በዋጋው ብቻ አይደለም። ክሬቲን እርጥበትና አሲድ ባለበት ሲቆይ ጥቅም ወደሌለው ክሬአቲኒን ይለወጣል። ገለልተኛ ላቦራቶሪዎች በመረመሯቸው አንዳንድ ጋሚዎች ውስጥ ያገኙት ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ነው። በጠርሙስ ተበጥብጦ የሚሸጠውም ያው ጣጣ አለበት።

ዱቄትም ይጭበረበራል። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም፤ አንድ ሊትር ውኃ በክፍል ሙቀት የሚይዘው 14 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ግራም በ200 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና ጥቂት አቆዩት። ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ካልቀረ ወይም ውኃው ከጣፈጠ፣ ስኳር ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚባል ርካሽ መሙያ ዱቄት ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ስታርች ከጠረጠራችሁ ደግሞ ጥቂት የአዮዲን ጠብታ ጨምሩ፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርች አለበት። ይህ ፈተና ማታለልን ያጋልጣል እንጂ ንጽሕናን አያረጋግጥም። ለዚያ ኤንኤስኤፍ ወይም ኢንፎርምድ ስፖርት በተባሉት ገለልተኛ መርማሪዎች የተመረመረውን ምረጡ፤ የምርት ቁጥሩንም በመርማሪው ድረ ገጽ ፈልጉት።

ጥሩ ተኝቶ ለተነሣ ሰው ትውስታን ያሳድጋል የሚለውን ማስታወቂያ ግን ተዉት። በ2023 በ123 ሰዎች ላይ፣ በቀን 5 ግራም ለ6 ሳምንት በተደረገ ሙከራ የታየው ጥቅም፣ ካለም፣ ትንሽ ነበር። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2024 ክሬቲን የአእምሮ ብቃትን ያሻሽላል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። የዩሊክ ጥናት ራሱ የ15 ሰዎች ነው፤ አጥኚዎቹም ያን ትልቅ መጠን ቤት ውስጥ አትሞክሩ ብለዋል። በአንድ ጊዜ 10 ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ ሆድን ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ የምመክረው በቀን 5 ግራም ነው፤ 300 ግራም ዱቄት 60 ቀን ያደርሳችኋል። ያ መጠን የዩሊክን ውጤት ይሰጣል ብላችሁ ግን አትግዙ፤ እንቅልፍንም አይተካም። ኩላሊታቸውን የታመሙ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ማንኛውም ወሳጅ የኩላሊት የደም ምርመራ ካለው አስቀድሞ ይናገር፤ ክሬቲን ኩላሊት ሳይጎዳም የኩላሊት ጤና የሚለካበትን የክሬአቲኒን ቁጥር ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል።