በሁሉም ተደጋጋሚ ላይ ምልክት ማድረግ ወይስ ከሁለተኛው ጀምሮ?

በሞረትና ጅሩ የአንድ ማኅበር የማዳበሪያ መዝገብ ኤክሴል ላይ ነው እንበል። የገበሬው መለያ ቁጥር በB ዓምድ ተጽፏል፤ 1047 በረድፍ 4፣ 9 እና 15 ተደግሟል። ሁለት ቀመሮች አሉ፦

```
=COUNTIF($B$2:$B$300,B2)>1
=COUNTIF($B$2:B2,B2)>1
```

የመጀመሪያው ከየትኛውም ረድፍ ሆኖ ሙሉውን ዓምድ ስለሚቆጥር ሦስቱንም TRUE ይላቸዋል። ሦስቱን አስተያይቶ ስህተቱን ለመመርመር ይጠቅማል። TRUE ያለውን ሁሉ የሚሰርዝ ሰው ግን ገበሬውን ከነጭራሹ ከመዝገቡ ያወጣዋል፤ ይህ ደግሞ በዘር ወቅት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሁለተኛው ወደ ታች ሲቀዳ መነሻው $B$2 ላይ ተተክሎ መድረሻው ብቻ ይረዝማል። ረድፍ 4 ላይ ቆጠራው 1 ነው፣ 9 ላይ 2፣ 15 ላይ 3፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ምዝገባ FALSE ሆኖ ይተርፋል። ለመሰረዝ የምመርጠው ይህንን ነው።

በሁለተኛው ቀመር የዶላር ምልክቶቹ ከተረሱ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን ብቻ ይቆጥራል፤ ዓምዱ በሙሉ FALSE ከሆነ መጀመሪያ እነሱን ይዩ። ቀመሩ «የመጀመሪያ» የሚለውም ከላይ ያለውን ረድፍ እንጂ ቀደም ብሎ የተመዘገበውን አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድመው መዝገቡን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሩ።