ለ«ረቂቅ» ዋተርማርክ በገጽ አትክፈሉ፤ ፋይላችሁንም ወደ ወርድ አታስቀይሩ

የዕድር ደንብ፣ የማኅበር መተዳደሪያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የውል ረቂቅ በፍላሽ ይዛችሁ ጽሕፈት ቤት የምትሄዱ የጎጃም ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ፍኖተ ሰላምም ብትሆኑ፣ ቡሬም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ ነገሩ ያው ነው። «በየገጹ በሰያፍ ረቂቅ የሚል አድርግልኝ» ትላላችሁ። በገጽ ሒሳብ ይነገራችኋል። ተከፍሎ ሲያልቅ ጽሑፉ ራሱ ተለውጦ ይሰጣችኋል። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። አሠራሩ የብዙዎች ስለሆነ አንዱን ብጠራ ሌላው ጋ ሄዳችሁ ያው ይደርስባችኋል።

የእኛ ጉዳይ እንዲህ ነው። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ እየተሻሻለ ነው። ኮሚቴው 32 ገጽ ረቂቅ አዘጋጀ። ለአባላት ተበትኖ አስተያየት ከተሰበሰበ በኋላ ነው በጠቅላላ ጉባኤ የሚጸድቀው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ «ረቂቅ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሽፋኑ ላይ ብቻ መጻፍ አይበቃም። ሰው አንዷን ገጽ ነጥሎ በስልክ ፎቶ ያነሳና «ደንቡ እንዲህ ይላል» ብሎ ይልካታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳታል?

ፋይሉ ፒዲኤፍ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በገጽ 15 ብር አለን፣ 480 ብር ከፈልን። የታተመውን ይዘን ወጣን።

ስህተቱን ያየው የዕድሩ ዳኛ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የክፍያውን ሠንጠረዥ ሲያነቡ ቆዩና «ኧረ ልጄ፣ ለወላጅ 8 ሺህ ብር ያለው ማነው? እኛ እንዲህ ብለናል እንዴ?» አሉኝ። አላልንም። በእኛ ፋይል አባል ሲሞት ለቤተሰቡ 30,000፣ ለባል ወይም ለሚስት 25,000፣ ለወላጅ 15,000፣ ለእህት ወይም ለወንድም 8,000 ብር ነው። ከወላጅ በላይ ያለው የልጅ ቦታ ሆን ተብሎ ባዶ ነው የተተወው፣ ጉባኤው ራሱ እንዲወስን። የታተመው ላይ ግን ባዶዋ ቦታ ጠፍታለች። ከሥሯ ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተዋል። ለልጅ 15,000፣ ለወላጅ 8,000 ሆኗል። ባዶው የእህትና የወንድም ቦታ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሠንጠረዡ ደግሞ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ዋናውን የማያውቅ ሰው ምንም አይጠረጥርም።

ይህ እንዴት ሆነ? የጽሕፈት ቤቱ ልጅ ፒዲኤፉን ወደ ወርድ ቀይሮታል። ወርድ ላይ ዋተርማርክ ማድረግ ሁለት ሦስት ጠቅ ብቻ ስለሆነ ይቀልለዋል። ችግሩ ፒዲኤፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ሠንጠረዥ» የሚባል ነገር የለም። ይህ ፊደል እዚህ ቦታ፣ ይህ መስመር እዚያ ቦታ የሚል ብቻ ነው። ቀያሪው ፕሮግራም የቦታ ርቀት እያየ ሠንጠረዡን፣ አንቀጹንና ቁጥሩን በግምት ይሠራል። ባዶ ቦታ ሲያጋጥመው ግምቱ ይስታል። የአማርኛ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ደግሞ በሌላ ይተካዋል፣ የመስመሩ ርዝመት ይለወጣል፣ ገጹ ይገፋል። የእኛ 32 ገጽ 35 ሆኖ ነው የወጣው። ማውጫው ግን የድሮውን ገጽ ነው የሚጠራው።

ሌላም አለ፣ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ እሱ ነው። «ረቂቅ» የሚለው ቃል በሁሉም ገጽ ላይ የለም። ወርድ ዋተርማርኩን የሚያስቀምጠው የገጹ ራስጌ ውስጥ፣ ከጽሑፉ ኋላ ነው። ሠንጠረዡ ነጭ ቀለም ከተሞላ ወይም ገጹ ላይ ትልቅ ምስል ካለ ይሸፍነዋል። የክፍያው ሠንጠረዥ ገጹን ሙሉ ስለያዘ ከቃሉ የሚታየው የአንዷ ፊደል ጫፍ ብቻ ነው። በአግድም የተዘጋጀው የአባላት መመዝገቢያ ቅጽም የራሱ የተለየ ራስጌ ስላለው ባዶውን ወጥቷል። እንግዲህ ቁጥሩ የተዛባባት ገጽ፣ ሰው ፎቶ አንስቶ የሚልካት ገጽ፣ ረቂቅ መሆኗን የሚናገር ምልክት የላትም ማለት ነው።

ተመልሰን ስንሄድ «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ነው፣ አሁን አስተካክልላችኋለሁ» አለ። ያስተካከለበት መንገድ እያንዳንዱን የዋናውን ገጽ ወደ ፎቶ ቀይሮ፣ ቃሉን ፎቶው ላይ ለጥፎ፣ መልሶ ፒዲኤፍ ማድረግ ነው። ይህን ስታዩ ደስ ይላችኋል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ በቦታው ነው፣ ገጹም 32 ነው። ግን ፊደሉ ሲታተም ጠርዙ ይደበዝዛል። ጽሑፉ ውስጥ «መዋጮ» ብላችሁ ብትፈልጉ ምንም አያገኝም፣ ቃል የለማ፣ ሥዕል ነው። ፋይሉም ከ1 ሜጋባይት በታች የነበረው ከ20 በላይ ሆነ። በቴሌግራም የምንልክላቸው አባላት ብዙዎቹ ዳታ በብር እየቆጠሩ የሚገዙ ናቸው።

አሁን ትክክለኛውን ልንገራችሁ። ዋተርማርክ ለማድረግ የጽሑፉን ፋይል ማንም መክፈትም ማረምም የለበትም። «ረቂቅ» የሚለው ቃል ብቻ ያለበት አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ለብቻው ይሠራል። ከዚያ ያቺ ገጽ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ትደረባለች፣ ወረቀት ላይ የተጻፈበት ስስ ላስቲክ እንደማንጠፍ ነው። ከሥር ያለው ፊደል፣ ቁጥርና ሠንጠረዥ ባለበት ይቆያል። 32 ገጽም ሆነ 300 ገጽ ሥራው ያው አንድ ነው። በገጽ ማስከፈል ተገቢ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ለማተሚያው በገጽ ይጠይቁ፣ እሱ ወረቀትና ቀለም አለው። ለዋተርማርኩ ግን የአንድ ጊዜ ሒሳብ ነው።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ራሱ ይሠራዋል። `LibreOffice Writer` ነጻ ነው። ባዶ ኤ4 ገጽ ክፈቱ፣ `Format` ውስጥ `Watermark` የሚለውን ምረጡ። ጽሑፉ ላይ ረቂቅ ብላችሁ ጻፉ፣ የአማርኛ ፊደል ያለው ፎንት ስጡት፣ `Angle` 45፣ `Transparency` 50 አድርጉት፣ ቀለሙ ግራጫ ይሁን። ሌላ ምንም ሳትጽፉበት ወደ ፒዲኤፍ ላኩት፣ ስሙን `rekik.pdf` በሉት። ከዚያ `qpdf` የሚባለውን፣ እሱም ነጻ ነው፣ ጭናችሁ፣ ሁለቱ ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ የትእዛዝ መጻፊያውን መስኮት፣ `Terminal`ን፣ ከፍታችሁ ይህቺን አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፦

```
qpdf denb.pdf --overlay rekik.pdf --repeat=1 -- denb-rekik.pdf
```

`denb.pdf` የእናንተ ፋይል ነው፣ አይነካም። `denb-rekik.pdf` አዲስ የሚወጣው ነው። `--repeat=1` የሚለው ያቺን አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ድገማት ማለት ነው። እሱ ከተረሳ ቃሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ይወጣል። በ`--overlay` ፋንታ `--underlay` ብትሉ ቃሉ ከጽሑፉ ሥር ይገባል። ለተራ ጽሑፍ ያምራል። ነጭ የተሞላ ሠንጠረዥ ካለ ግን ያው የወርዱ ችግር ይመጣል፣ ስለዚህ እኔ ከላይ የሚደረበውን እመርጣለሁ።

ከላይ ሲደረብ ግን ድምቀቱ ላይ ተጠንቀቁ። ቃሉ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ከሆነ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ይውጠዋል። በጣም ከፈዘዘ ደግሞ ስክሪን ላይ ይታያል እንጂ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ይጠፋል። ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲነሳማ ጭራሽ። ብዙ ቁጥር ያለባትን ገጽ መጀመሪያ ለብቻዋ አትሙ፣ በምትጠቀሙበት ኮፒ ማሽን አንድ ጊዜ አንሷት። ቃሉም ቁጥሩም ሁለቱም ከተነበቡ ሁሉን አትሙ።

ጽሕፈት ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ ሥራውን ከማስጀመራችሁ በፊት በግልጽ ተናገሩ፦ «ወደ ወርድ አትቀይረው፣ ወደ ፎቶም አትቀይረው፣ ፒዲኤፉ ላይ ብቻ ደርብልኝ።» ልጁ ፋይሉን በወርድ ሲከፍት ካያችሁ አስቁሙት። ብር ከመክፈላችሁ በፊት የወጣውን ፋይል እዚያው አስከፍታችሁ እዩ። የገጹ ብዛት ከዋናው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከመሃል አንድ ቃል በ`Ctrl+F` አስፈልጉት፣ ካላገኘውና ዋናው ፋይል ላይ የሚገኝ ከሆነ ገጹ ፎቶ ሆኗል። ሠንጠረዥ ያለባቸውን ገጾችና በአግድም ያሉትን ዋናውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ሌላውን ገጽ በዓይን ገረፍ ማድረግ ይበቃል።

በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ፒዲኤፍ ላይ ግን ምንም አትደርቡ። ፊርማው ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ መለወጡን ስለሚያሳውቅ ዋጋ ያጣል። ዋተርማርኩ መደረግ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። እንዲሁም «ዋተርማርክ ካደረግነው ማንም አይሰርቀውም» ብለው የሚያስከፍሏችሁን አትስሟቸው። የተደረበ ቃል የሚችል ሰው ያነሳዋል። ሥራው አንባቢውን ገና አልጸደቀም ብሎ መንገር ብቻ ነው።

ዋናው ፋይል ጠፍቶ በእጃችሁ ያለው የታተመ ወረቀት ብቻ ከሆነ ስካን አስደርጉትና በዚያው መስመር ደርቡ፣ ግን የግድ በ`--overlay`። ስካን የተደረገ ገጽ ሙሉውን ነጭ ምስል ስለሆነ ከሥር የገባ ቃል ጭራሽ አይታይም።