ፊልተር ሊሸጥልን ይችል ነበር፤ አልሸጠልንም

ይህን የምጽፈው ቤታችን የመጣውን የሳኒተሪ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ሥራውን ብቻ ልንገራችሁ።

ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ ነጭ ነበር። ወተት ጠብ የተደረገበት ነው የሚመስለው። ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም ያው ነው። መጀመሪያ ያየው ሌላ ሰው “ኖራ ነው፣ ፊልተር ይግባለት” ብሎን ሄዷል።

የእኛ ሰውዬ ግን መፍቻ እንኳን ከቦርሳው አላወጣም። ንጹህ ብርጭቆ አስመጣና ሞላው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ “በየት በኩል እንደሚጠራ እዩልኝ” አለ። ከግርጌው ጀመረ። ነጩ ነገር ቀስ እያለ ወደ ላይ ሸሸ፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ጠራ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ብርጭቆው ወለል ብሎ ጠራ። ታች የቀረ ዝቃጭም የለም።

“አየር ነው” አለ። ደቃቅ አፈር ወይም ዝገት ቢሆን ክብደት ስላለው ወደ ታች ይወርዳል፤ ያኔ ቀድሞ የሚጠራው የላይኛው ነው። አረፋ ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ግርጌው ይቀድማል። ኖራ የበዛበት ውሃም ብዙውን ጊዜ ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፤ ነጩ የሚታየው ሲፈላ ወይም ሲደርቅ ነው።

አረፋዎቹ በዓይን ተለይተው አይታዩም። 0.05 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አረፋ በሰከንድ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ በለጥ ብላ ነው ወደ ላይ የምትጓዘው። ብርጭቆው ለመጥራት ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው። ነገሩ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነው ነው። ውሃው ቧንቧ ውስጥ ግፊት ላይ እያለ አየሩ ሟሙቶ ይቆያል፤ ወጥቶ ግፊቱ ሲለቀው አየሩ አረፋ ይሆናል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ “አይጎዳችሁም” ብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን አየሩ የገባበትን ቀዳዳ ሊፈልግ ተነሳ። ሙቁ ብቻ ነው ወይስ ቀዝቃዛውም? ብሎ ጠየቀን። ሙቁ ብቻ ቢሆን ወደ ማሞቂያው ይሄድ ነበር፤ ውሃ ሲሞቅ የያዘውን አየር ይለቃልና። አንድ ቧንቧ ብቻ ቢሆን ደግሞ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት ፈትቶ ያያል። የእኛ ሁሉም ቧንቧ ነው፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም።

ውሃችንን ፓምፕ ነው ከመሬት በታች ካለ ታንከር የሚስበው። ከታንከሩ በቀጥታ ቀዳ፤ ጥርት ያለ ነው። ከፓምፑ ወዲህ ካለው ቧንቧ ቀዳ፤ ነጭ። አየሩ የሚገባው በሁለቱ መሃል ነው ማለት ነው። የታንከሩ ውሃ ጎድሎ የመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ አየር እየሳበ እንዳይሆን አየ፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ በደንብ ጠልቋል።

ከዚያ ያደረገውን ወደድኩለት። ፓምፑ እየሠራ የመሳቢያውን መገጣጠሚያዎች በሙሉ የሳሙና አረፋ ቀባቸው። አንዱ ዩኒየን ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ተሳበ። እዚያ ቦታ ጠብታ ውሃ እንኳን አይታይም፣ ደረቅ ነው። ፓምፑ ሲስብ በዚያ በኩል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃ አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው። ውሃ የሚያፈስ ቦታ የሚፈልግ ሰው በፍጹም አያገኘውም።

ፓምፑን አጠፋ፣ ዩኒየኑን ፈታ። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአዲስ ቀየረው፣ ፓምፑን ውሃ ሞላው፣ ቧንቧዎቹን ከፈተ። ትንሽ ተንተፋተፉ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። ያስከፈለን የቀለበቷንና የድካሙን ብቻ ነው። እንደዚያው ብንተወው ኖሮ አየር የሚስብ ፓምፕ ውሎ አድሮ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ይግላል፣ ማሸጊያውም ይቃጠላል ብሎናል።

ከመሄዱ በፊት ያስጠነቀቀን ነገር አለ። ብርጭቆው ደቂቃዎች ቆይቶም ካልጠራ፣ ወይም ሥሩ ላይ ነገር ከቀረ፣ አየር ነው ብላችሁ አትጠጡት፤ አስመርምሩት። የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ያለው ሰውም በዚህች ሙከራ ብቻ አይተማመን። ከመሬት የሚመጣ ሚቴን ጋዝም እንዲሁ አረፋ ይሠራል፣ ከታችም ይጠራል፣ ግን ተቀጣጣይ ነው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት ሙቁ ነው ቀዝቃዛው፣ አንድ ቧንቧ ነው ሁሉም፣ ፓምፕ አላችሁ ወይስ የላችሁም የሚለውን አዘጋጁ። ከእነዚህ በፊት ስለ ዋጋ አያወራም።